«ከ4 ስላነሰ ጨዋማ አይደለም» አይባልም፦ የአፈር ፒኤችና ኢሲ ሪፖርት አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «ሁለት የአፈር ናሙና ለክተን ሪፖርት አስገባን። ናሙና ሀ ከሆለታ አካባቢ ከገብስ ማሳ፣ ናሙና ለ ደግሞ ከአሚባራ በመስኖ ከሚለማ እርሻ ነው። 10 ግራም አፈር ከ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር በጥብጠን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካን። ሀ፦ ፒኤች 4.93፣ 4.97፣ 5.01፤ ኢሲ 142፣ 150፣ 236። ለ፦ ፒኤች 8.31፣ 8.28፣ 8.34፤ ኢሲ 2.84፣ 2.89፣ 2.85። የለ ኢሲ ከ4 ስላነሰ ጨዋማ አይደለም ብዬ ደመደምኩ። መምህሬ ‹ዩኒት የለም፣ ውይይቱም ውይይት አይደለም› ብሎ መለሰው። የፒኤች ዩኒት ምንድነው? ውይይት ላይስ ምን ይጻፋል? ግራ የገባት የ2ኛ ዓመት ተማሪ»

ምላሽ፦ ፒኤች ዩኒት የለውም። የሃይድሮጅን አዮንን መጠን በሎጋሪዝም የሚገልጽ ቁጥር ስለሆነ ከኋላው ምንም አይጻፍም። መቶኛም፣ ሞል በሊትርም አይደለም። ግን ዩኒት የለውም ማለት ብቻውን ይቆማል ማለት አይደለም። ከምን ጋር፣ በምን ምጣኔ ተበጥብጦ እንደተለካ አብሮት መሄድ አለበት። ያው አፈር በውሃ ሲለካ አንድ ቁጥር፣ በፖታሺየም ክሎራይድ ሲለካ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የኋለኛው ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሰንጠረዡ ዓምድ ርዕስ «ፒኤች (በውሃ፣ 1:2.5)» ይሁን። ይህች ቅንፍ ዩኒት የሚሠራውን ሥራ ትሠራለች።

ኢሲ ግን፣ ማለትም ብጥብጡ በሟሟው ጨው ምክንያት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ ዩኒት አለው፤ ያንቺ ሪፖርት ደግሞ ሁለት ዩኒት ደባልቋል። የሀ ቁጥሮች 142 እና 150 የሆኑት፣ የለ ደግሞ 2.84 የሆነው ሀ ከለ ስለሚበልጥ አይደለም። መለኪያው ንባቡ ከፍ ሲል ራሱ ከ µS/cm ወደ mS/cm ስለሚዘል ነው። ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳያዩ የሚገለብጡ ብዙ ናቸው። አንድ mS/cm አንድ ሺህ µS/cm ነው። ከ dS/m ጋር ደግሞ እኩል ነው፤ መቀየር አያስፈልገውም። በአፈር ሥራ የተለመደው dS/m ስለሆነ ሁሉንም ወደዚያው አምጪው። ሀ 0.142 እና 0.150 ይሆናል፣ ለ 2.84 እንዳለ ይቀመጣል። አሁን አንባቢ ሰንጠረዡን ሲያይ ለ ከሀ ሃያ ጊዜ ገደማ እንደሚበልጥ ወዲያው ይገባዋል። በፊት የሚታየው ተቃራኒው ነበር።

የሙቀት መጠኑንም አትርሺ። ኢሲ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ሁለት በመቶ ገደማ ይቀየራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ 25 ዲግሪ ተስተካክሎ ይነገራል። አብዛኞቹ መለኪያዎች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል፤ ግን ማስተካከያው ጠፍቶ ከነበረና ላቦራቶሪው 18 ዲግሪ ከነበረ ውጤትሽ ከአሥር በመቶ በላይ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በዘዴው ክፍል «በ25 ዲግሪ የተስተካከለ» የምትለው ሐረግ የምትገባው ቅንብሩን አይተሽ ካረጋገጥሽ ብቻ ነው።

መምህርሽ ያልነካው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ነገር አለ፤ የሀ ሦስተኛ ኢሲ፣ 236። ከአንድ ከረጢት የወጣ፣ በአንድ ወንፊት ያለፈ አፈር 142 እና 150 ሰጥቶ በሦስተኛው 236 አይሰጥም። አማካዩን ዝም ብለሽ 176 ብለሽ ከጻፍሽ፣ የትኛውም ቢከር ውስጥ ያልነበረ ቁጥር ጻፍሽ ማለት ነው።

የት ሊገባ ይችላል? ቅደም ተከተሉን አልነገርሽኝም፤ ግን ብዙ ቦታ እንደሚደረገው ፒኤች መጀመሪያ፣ ኢሲ ቀጥሎ፣ በዚያው ቢከር ለክታችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የፒኤች ኤሌክትሮዱ ነው። የፒኤች ኤሌክትሮድ ውስጡ 3 ሞላር ገደማ የሆነ የፖታሺየም ክሎራይድ ጨው ይዟል። የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ጨው ውስጥ ነው። በትንሿ ቀዳዳው ወደሚለካው ነገር በጣም በዝግታ ይፈሳል፤ ሥራው ራሱ ይህን ይጠይቃል። በደንብ ሳይታጠብ ከተነከረ ደግሞ ከላዩ የተንጠለጠለው ጨው አብሮ ይገባል። ለፒኤች ይህ ብዙም አይደለም። ለኢሲ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የ142 እና የ150 አማካይ 146 ነው፤ ትርፉ 236 ሲቀነስ 146፣ ማለትም 90 µS/cm ነው። 25 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ለመጨመር የሚያስፈልገው 3 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ በግምት 5 ማይክሮ ሊትር ነው። ከጠብታ አንድ አሥረኛ ገደማ! በዓይን አይታይም። ያው መጠን የለ ቢከር ውስጥ ቢገባ ንባቡን ከ2.86 ወደ 2.95 ነበር የሚያደርሰው፤ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ለዚህ ነው ይህ ስህተት ጨው በሌለበት አፈር ላይ ብቻ ራሱን የሚያጋልጠው። በጨዋማ አፈር ላይ ተደብቆ ይኖራል።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ያልታጠበ ቢከር ወይም በቧንቧ ውሃ የተሞላ ጠርሙስም ይህን ያደርጋል። የምትለዪበት መንገድ ቀላል ነው። ከከረጢቱ ሌላ 10 ግራም ውሰጂ። አዲስ ብጥብጥ አዘጋጂና ኢሲውን መጀመሪያ፣ ፒኤቹን ቀጥሎ ለኪ። ከዚያ የፒኤች ኤሌክትሮዱ ከወጣ በኋላ ኢሲውን ደግመሽ ለኪ። የመጀመሪያው 0.15 አካባቢ ሆኖ ሁለተኛው ከፍ ካለ ኤሌክትሮዱን አገኘሽው። የመጀመሪያውም ከፍ ካለ ምክንያቱ ውሃው ወይም ዕቃው ነው፤ አፈር የሌለበት ውሃ ብቻውን ለክተሽ ለዪው። በነገራችን ላይ የተጣራው ውሃ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ቢሆን አትደንግጪ። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ነው፤ የአፈሩን ፒኤች አያዛባም።

አፈሩ ካለ ይህን ደግመሽ ለኪ ነው የምልሽ፤ አማራጭ አድርጌ አይደለም የምነግርሽ። አፈሩ ካለቀ ግን 236ን አታጥፊው። ሰንጠረዡ ላይ ሦስቱንም ቁጥሮች አስቀምጪ። ከዚያ «ሦስተኛው ንባብ ከሁለቱ በጣም ስለራቀና የጨው ብክለት ስለሚያጠራጥር አማካዩ በሁለቱ ብቻ ተሠርቷል፤ 0.146 dS/m» ብለሽ ጻፊ። መምህር የሚቀጣው የተሸሸገን ቁጥር ነው፤ ምክንያቱ ተጽፎ የተቀመጠን ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ለ እንሂድ። «ከ4 ስላነሰ ጨዋማ አይደለም» የሚለው ድምዳሜሽ የሪፖርቱ ትልቁ ስህተት ነው፤ በጣም የተለመደም ነው። 4 dS/m የሚለው መለያ ከየት መጣ? የአሜሪካ የጨዋማነት ላቦራቶሪ በ1954 ባወጣው መመሪያ የታወቀ ነው፤ የተቀመጠው ግን ለሌላ ዓይነት መለኪያ ነው። አፈሩ ውሃ እስኪጠግብ ድረስ ተለውሶ እንደ ሊጥ ይሆናል። ከዚያ ሊጥ ተስቦ የወጣው ውሃ ኢሲ ነው ከ4 ጋር የሚነጻጸረው። ይህ ECe ተብሎ ይጻፋል። አንቺ የለካሽው በ1:2.5 የተበጠበጠ አፈር ነው። ውሃሽ ብዙ ስለሆነ ጨዉ ቀጥኗል። ጨው የበዛበት ወጥ ላይ ውሃ ቢጨመርበት ለምላስ ይቀላል እንጂ ጨዉ ከድስቱ አልወጣም።

ምን ያህል እንደቀጠነ በግምት ማየት ይቻላል። ከባድ ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠግብ በ100 ግራም አፈር 70 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል እንበል። ያንቺ ብጥብጥ ደግሞ በ100 ግራም አፈር 250 ግራም ውሃ አለው። ጨዉ ሁሉ በሁለቱም ውስጥ የሟሟ ቢሆን፦

```
2.86 × (250 ÷ 70) ≈ 10.2 dS/m
```

ጨዋማ አይደለም ያልሽው አፈር ከመለያው በእጥፍ በላይ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው ECe 1.2 ሲያልፍ ነው። ጨው ይችላል የሚባለው ጥጥ እንኳ 7.7 ላይ ይጀምራል። በመካከለኛው አዋሽ ሁለቱም ይዘራሉ። ያንቺን ድምዳሜ አምኖ ሽንኩርት የሚተክል ሰው ይከስራል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 10.2ን ውጤት አድርገሽ እንዳትጽፊው። ግምት ነው። 70 የሚለው እኔ ያሰብኩት ቁጥር እንጂ የተለካ አይደለም፤ አሸዋማ አፈር ቢሆን በጣም ያነሰ ውሃ ስለሚጠግብ ማባዣው ከፍ ይል ነበር። ደግሞ አፈሩ ጂፕሰም ካለበት፣ ጂፕሰም በሊጡ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ ይቀርና ውሃው ሲበዛ ተጨማሪ ይሟሟል። ያኔ ግምቱ ከእውነቱ ይበልጣል። ስለዚህ በውይይቱ ላይ ግምቱን አሳዪ፣ ያሰብሽውንም ተናገሪ። ከዚያ «ጨዋማ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ለመመደብ ግን የጠገበ ሊጥ ኢሲ መለካት አለበት» ብለሽ አቁሚ።

ስለ አዘጋገብ አንድ ሁለት ነገር። መለኪያው ሦስት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ቢያሳይም ፒኤችን ከሁለት በላይ አትጻፊ። አማካይና ስታንዳርድ ዲቪየሽን አብረው ይቀመጡ፦ የሀ ፒኤች 4.97 ± 0.04፣ የለ 8.31 ± 0.03፣ የለ ኢሲ 2.86 ± 0.03 dS/m። ንባቦቹ እንዲህ ሲቀራረቡ ፒኤችን በቀጥታ ማማከል ችግር የለውም። 4.5 እና 6.5ን ማማከል ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሎጋሪዝም ልኬት ላይ መካከላቸው የመቶ እጥፍ ልዩነት አለና። ስለዚህ «ሀ ከለ በ40 በመቶ አሲዳማ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ሰርዢው። አንድ የፒኤች ነጥብ አሥር እጥፍ ነው፤ መቶኛ እዚህ ትርጉም የለውም።

የዘዴው ክፍል ረጅም መሆን የለበትም፤ ግን ሌላ ሰው አንብቦት ሊደግመው ይገባል። አፈሩ በአየር ደርቆ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት መነፋቱ፣ ግራሙና ሚሊ ሊትሩ፣ ስንት ደቂቃ እንደተበጠበጠና ስንት እንደቆየ፣ መለኪያው በየትኞቹ ባፈሮች እንደተስተካከለ ይጻፍ። ለሀ 4.01 እና 7.00፣ ለለ 7.00 እና 10.01 መካከል ንባቦቹ ይወድቃሉ፤ በሁለት ነጥብ ብቻ አስተካክላችሁ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ናሙና ከክልሉ ውጪ ነው ማለት ነውና ተናገሪው። ለኢሲ ደግሞ 0.01 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ በ25 ዲግሪ 1.413 dS/m መስጠት አለበት። የትኛው መጀመሪያ እንደተለካም ይጻፍ፤ ከላይ ያየነው ችግር ሁሉ የተደበቀው እዚያች ያልተጻፈች ቅደም ተከተል ውስጥ ነው።

ውይይቱስ? መምህርሽ «ውይይት አይደለም» ያለው ምን እንደነበረ አላየሁም፤ ግን የአብዛኛው ተማሪ ውይይት ውጤቱን በቃላት ይደግማል። «የሀ ፒኤች 4.97 ነው፣ ይህም አሲዳማ ነው፣ ፒኤች ለሰብል አስፈላጊ ነው።» ይህን ሰንጠረዡ ነግሮናል። ውይይት የሚጀምረው ቁጥሩ ይታመናል ወይ ከሚለው ነው። ከዚያ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ምንስ ያስከትላል፣ ምንስ ማለት አይችልም ወደሚለው ይሄዳል።

ለሀ እንዲህ ይሁን። ፒኤቹም ኢሲውም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱን ለየብቻ አትተንትኚያቸው፣ አንድ ታሪክ ነው የሚናገሩት። ዝናብ የበዛበት ደጋ ላይ ካልሲየምና ማግኒዚየምን የመሳሰሉት በዘመናት ይታጠባሉ። ቦታቸውን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይይዛሉ። የሚሟሟ ጨውም አብሮ ስለሚሄድ ኢሲው ይወርዳል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲሆን አሉሚኒየም እየሟሟ የሥርን እድገት ይገታል፤ ገብስ ደግሞ ይህን ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚታሰር ማዳበሪያ ቢጨመርም ለተክሉ ያለው ጥቅም ይቀንሳል። ማሳው በቅርቡ ማዳበሪያ ተደርጎበት ከሆነ ኢሲውን ከፍ፣ ፒኤቹን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ናሙናው መቼ እንደተወሰደ ጠይቀሽ ጻፊ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ስለዚህ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ኖራ ይጨመር» ሲል ነው። ከፒኤች የኖራ መጠን አይወጣም። ፒኤች የሚናገረው አሁን ውሃው ውስጥ ያለውን አሲድ ነው። ኖራው የሚያስፈልገው ግን በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተይዞ ለተቀመጠው ለብዙው አሲድ ነው። ፒኤቻቸው እኩል 4.97 የሆኑ አንድ አሸዋማና አንድ ሸክላማ አፈር በጣም የተለያየ ኖራ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ተለዋጭ አሲድነት ይለካ ብለሽ ምከሪ፤ በአገራችንም የኖራ መጠን በብዛት የሚሰላው ከዚያ ነው።

ለለ ደግሞ 8.31ን አይተሽ «ሶዲየም የበዛበት ነው» ለማለት አትቸኩይ። ኖራ ድንጋይ ያለበት አፈር ከአየር ጋር ተስማምቶ ሲቆም ፒኤቹ ራሱ 8.2፣ 8.3 አካባቢ ያርፋል። ሶዲየምን በብርቱ የምንጠረጥረው 8.5ን ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታችም ቢሆን ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጨው ሲበዛ ፒኤችን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋልና። ጨዉ በመስኖ ታጥቦ ሲወጣ ሶዲየሙ ብቻውን ቀርቶ ፒኤቹ ሊወጣና አፈሩ ሊደፈን ይችላል። የሶዲየም፣ የካልሲየምና የማግኒዚየም ልኬት ሳይኖር ይህ አፈር ጨዋማ ብቻ ይሁን ጨውም ሶዲየምም የበዛበት፣ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አይለይም። ምክንያቱን ስትጽፊ የአዋሽን ሁኔታ አስገቢ፦ ሞቃትና ደረቅ አየር፣ ዝናብ የማያጥበው ጨው፣ ማፋሰሻ በሌለበት በመስኖ ከፍ የሚል የከርሰ ምድር ውሃ፣ ከዚያ ውሃው ወደ ላይ ተስቦ ሲተን ከላይ የሚቀር ጨው።

አንድ ገደብ ለሁለቱም ይሠራል። ሦስቱ ድግግሞሾችሽ ከአንድ ከረጢት የወጡ ናቸው። ± 0.03 የሚለው የእጅሽንና የመለኪያውን ጥራት ነው የሚናገረው፤ ማሳው ምን ያህል ወጥ እንደሆነ አይናገርም። በመስኖ እርሻ ላይ ጨው በጣም ተቀራርበው ባሉ ቦታዎች እንኳ ይለያያል። ስለዚህ «የአሚባራ አፈር» ብለሽ አትጻፊ፤ «የተለካው ናሙና» በዪ። ሁለቱን አካባቢዎች በስታቲስቲክስ አነጻጽሬ ልዩነት አገኘሁ የሚል ሐረግ ካለም አውጪው፤ ከየቦታው አንድ ናሙና ነው ያለሽ።

መደምደሚያው አጭር ይሁን፣ አዲስ ነገርም አይግባበት። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦ «ናሙና ሀ ጠንካራ አሲዳማና ጨው የሌለበት ነው (ፒኤች በውሃ 1:2.5፣ 4.97፤ ኢሲ 1:2.5፣ 0.146 dS/m፣ አንድ ንባብ ከአማካዩ ውጪ ተደርጎ)። ናሙና ለ አልካላይን ነው (ፒኤች 8.31)፤ ኢሲው (1:2.5፣ 2.86 dS/m) ጨዋማነትን አጥብቆ ያመለክታል፣ ምደባው ግን የጠገበ ሊጥ ኢሲና የሶዲየም ልኬት ይጠብቃል። ለሀ የኖራ መጠን ከመወሰኑ በፊት ተለዋጭ አሲድነት ይለካ።» ጥሬ ንባቦቹ ሁሉ፣ ያ 236 ጭምር፣ በአባሪ ገጽ ይያያዙ።